ለጄንታማይሲን የሚሠራው 81 ኪሎ ለካሎሪ ስሌት የማይሠራው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። በኩላሊት ኢንፌክሽን የተኛች የ47 ዓመት ታካሚ አለችን፤ ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 118 ኪሎ ነው። ጄንታማይሲን በቀን አንድ ጊዜ፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ታዘዘላት። እኔ የተስተካከለ ክብደቷን 81 ኪሎ ብዬ መጠኑን አወጣሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋም ያንኑ 81 ወስዳ የቀን ካሎሪዋን በሚፍሊን ቀመር አሰላች። ሐኪሙ የእኔን ተቀብሎ የእሷን ‹አንሷል› ብሎ መለሰው። አንድ ሰው ያለው አንድ የተስተካከለ ክብደት አይደለም? 0.4 የሚባለው ማባዣስ ከየት መጣ?»

ምላሽ፦

ሐኪሙ በሁለቱም ልክ ነው። የእርስዎ 81 ለጄንታማይሲን ትክክል ነው፤ ያው 81 ወደ ሚፍሊን ቀመር ሲገባ ግን ስሕተት ይሆናል። ታካሚዋ አንድ ቁመትና አንድ የሚዛን ክብደት አላት። የተስተካከለ ክብደት የሚባለው ግን ከእሷ አካል ላይ የተለካ ነገር አይደለም። ለአንድ ዓይነት መድኃኒት ወይም ለአንድ ዓይነት ቀመር ሲባል የተበጀ ማረሚያ ነው፤ ስለዚህ ከተበጀለት ሥራ ውጭ ይዘነው ልንዞር አንችልም።

መጀመሪያ 81 እንዴት እንደመጣ አብረን እንየው። በፋርማሲ የለመድነው፣ ተስማሚ ክብደትን ከቁመት የሚያወጣው የዴቫይን ቀመር ለሴት ከ45.5 ኪሎ፣ ለወንድ ከ50 ኪሎ ይነሣና ከ152.4 ሴንቲ ሜትር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ያህል ይጨምራል። የእርስዎ ታካሚ ከዚያ ወለል በ12.6 ሴንቲ ሜትር ትበልጣለች፤ ስለዚህ ወደ 11.4 ኪሎ ይጨመርላትና ተስማሚ ክብደቷ 57 ኪሎ ይሆናል። ከ118 ላይ 57 ሲቀነስ 61 ኪሎ ትርፍ ይቀራል። የትርፉ 0.4 እጅ 24 ኪሎ ነው፤ 57 እና 24 ሲደመሩ 81። ስሌቱ እንከን የለውም። የዴቫይን ቀመር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ስለ ጄንታማይሲን አሰጣጥ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከጅምሩ የመድኃኒት መመጠኛ እንዲሆን የቀረበ ነው፤ «ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ይመዝን» የሚል ፍርድ አድርገን ማንበባችን ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ 0.4 እንሂድ። ብዙ ባልደረቦች «ከትርፉ ክብደት 40 በመቶው ጡንቻ ስለሆነ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እንደዚያ አይደለም። ጄንታማይሲን ውኃ የሚወድ ሞለኪውል ነው፤ በስብ ውስጥ አይሟሟም፤ ወደ ሕዋሳት ውስጥም እምብዛም አይገባም። የሚሰራጨው ከሕዋሳት ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። የስብ ሕዋስ በራሱ አብዛኛው ዘይት ቢሆንም፣ የስብ ክምችት ግን የራሱ የደም ሥሮች፣ አያያዥ ሕብረ ሕዋስና በመካከሉ ያለ ፈሳሽ አለው። ከዚያም በላይ፣ 60 ኪሎ ተጨማሪ ተሸክሞ የሚራመድ ሰው ደሙም ጡንቻውም ከቀጭኑ ሰው ይበዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ለጄንታማይሲን የሚሆን ጥቂት ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ቦታው ግን የቀጭኑ ሰው አንድ ኪሎ ከሚይዘው ያነሰ ነው።

ይህ «ጥቂት ቦታ» ስንት እንደሆነ በሐሳብ የሚደረስበት አይደለም፤ መለካት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች ጄንታማይሲንና የቅርብ ዘመዱን ቶብራማይሲንን ከልክ ያለፈ ውፍረት ላላቸው ሰዎች ሰጥተው በደም ውስጥ ያለውን መጠን ለኩ፤ ከዚያም መድኃኒቱ የተሰራጨበትን የፈሳሽ መጠን አሰሉ። ቀጥለው ያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ከትርፉ ክብደት ስንት እጁን ብንቆጥር ነው በኪሎ የሚደርሰው ስርጭት ከቀጭን ሰው ጋር እኩል የሚሆነው? ከየጥናቱ የወጣው ቁጥር አንድ አልነበረም፤ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ተገኝቷል። በመጨረሻ ለሥራ የሚመች ሆኖ የረጋው 0.4 ነው። እንግዲህ 0.4 የአንድ የመድኃኒት ቤተሰብ የፈሳሽ ሒሳብ ነው። ስለ ጡንቻም፣ ስለ ካሎሪም የሚናገረው ነገር የለውም።

ይህ ቁጥር በታካሚዋ ላይ ምን እንደሚያመጣ እንመልከት። ጄንታማይሲን በኪሎ ሩብ ሊትር በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ይሰራጫል ብለን ብንነሣ፣ በ81 ኪሎ ሲባዛ ወደ 20 ሊትር ይመጣል። በተስተካከለ ክብደት መጠኑ 405 ሚሊ ግራም ነው፤ በተግባር 400 እንሰጣለን። ይህ በ20 ሊትር ውስጥ ሲሰራጭ ጫፉ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን፣ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። በተስማሚ ክብደት ብቻ አስልተን ቢሆን ኖሮ 285 ሚሊ ግራም ሰጥተን ወደ 14 እናገኝ ነበር። በሚዛን ክብደት ቢሆን ደግሞ 590 ሚሊ ግራም፣ ጫፉም 29 ይሆን ነበር። ጄንታማይሲን ባክቴሪያን የሚገድለው በጫፉ ከፍታ ስለሆነ 14 ሕክምናውን ያዳክማል። ትርፉ መጠን ደግሞ የሚጎዳው ኩላሊትንና የውስጠኛውን ጆሮ ነው፤ የጆሮው ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ያለው መንገድ ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ ነው ለዚህ መድኃኒት የክብደት ማረሚያ መፈለግ ያስፈለገው።

መጠኑን ካወጡ በኋላ ሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው በስንት ሰዓት ልዩነት ይሰጥ የሚለው ነው፤ እዚህም ክብደት ሳይታሰብ ተመልሶ ይመጣል። የኮክሮፍትና ጎልት የኩላሊት ቀመር ክብደትን ያባዛል። በደሟ ያለው ክሪያቲኒን በዴሲ ሊትር 1.6 ሚሊ ግራም ላይ ቆሟል እንበል። በ118 ኪሎ ያሰላ ሰው የማጣሪያ አቅሟን በደቂቃ 81 ሚሊ ሊትር ያገኛል። በ81 ኪሎ 56፣ በ57 ኪሎ ደግሞ 39 ይወጣል። በስፋት በሚሠራበት የቀን አንድ ጊዜ አሰጣጥ መሠረት 60 እና ከዚያ በላይ በየ24 ሰዓቱ፣ ከ40 እስከ 59 በየ36 ሰዓቱ፣ ከ20 እስከ 39 በየ48 ሰዓቱ ይሰጣል። አንዲት ሴት፣ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ሦስት የተለያዩ ትእዛዞች! ልዩነቱን ያመጣው የመረጥነው ክብደት ብቻ ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለሆነ ስቡን ሁሉ መቁጠር ኩላሊቷን ከአቅሟ በላይ ያሳያል፤ ምንም አለመቁጠር ደግሞ ያሳንሳታል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ባላቸው ሰዎች ላይ ከተለካው ጋር ሲነጻጸር እዚህም 0.4 የተሻለ ቀርቦ ተገኝቷል። ቁጥሩ አንድ ሆነ እንጂ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ያኛው የፈሳሽ፣ ይህኛው የጡንቻ። «0.4 ለሁሉም ይሠራል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው በዚህ መገጣጠም ይመስለኛል።

ወደ ካሎሪው ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የሚፍሊንና የሴንት ጆር ቀመር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። ለሴት ክብደት በ10፣ ቁመት በ6.25፣ ዕድሜ በ5 ይባዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው የዕድሜው ይቀነስና በመጨረሻ 161 ይቀነሳል። ቀመሩ የተሠራው 498 ሰዎችን ለክቶ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 234ቱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸው ነበሩ። ወደ ስሌቱ የገባውም ሚዛን ላይ የታየው ክብደታቸው ነው። ይህ ማለት 10 የሚለው ማባዣ የወፍራም ሰውን አካል አስቀድሞ አይቶታል፤ ስብ ከጡንቻ ያነሰ ኃይል እንደሚያቃጥል በውስጡ ቆጥሮታል። እኛ ክብደቱን ቀንሰን ስናስገባ የታረመውን እንደገና እያረምን ነው።

በቁጥር ይዩት። በ118 ኪሎ የታካሚዋ የዕረፍት ፍጆታ 1815 ኪሎ ካሎሪ ይወጣል። በ81 ኪሎ ግን 1445። በቀን 370 ኪሎ ካሎሪ ጠፋ። ማንም ይህችን ሴት እናክሳት ብሎ አልወሰነም፤ ጉድለቱ በስሌቱ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ክብደት እንድትቀንስ የሚፈለግ ከሆነ ከእሷ ጋር ተነጋግሮ፣ ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላ፣ በግልጽ የሚወሰን ነገር ነው። ትኩሳት ላይ ላለች ሴት በማባዣ ስም ሳይነገራት ምግቧ ሊቀነስ አይገባም። ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ወፍራም ሰው የሚራብ አይመስለንም፣ ሲታመም ጡንቻው ሲያልቅም ከስቡ ሥር ስለሚሆን አናየውም።

«ስብ ምንም አያቃጥልም፣ ስለዚህ አይቆጠር» ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ የሒሳብ ማመሳከሪያ ልጨምር። የስብ ሕብረ ሕዋስ በዕረፍት ላይ በቀን በኪሎ 4.5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ጡንቻ ወደ 13፣ ጉበት ወደ 200፣ አንጎል ወደ 240፣ ልብና ኩላሊት እያንዳንዳቸው ወደ 440። አሁን በሚፍሊን ቀመር ውስጥ ትርፉን ክብደት በ0.4 ካባዛነው አንድ ትርፍ ኪሎ የሚቆጠርለት 4 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። በአንዳንድ የሥነ ምግብ ክፍሎች የተለመደውን 0.25 ብንወስድ ደግሞ 2.5። ሁለቱም ከንጹሕ ስብ በታች ናቸው! ትርፉ ሁሉ ስብ ቢሆን እንኳ ከ4.5 መውረድ አልነበረበትም፤ በዚያ ላይ ከትርፉ ጋር አብሮ የመጣ ጡንቻ፣ ደምና የሰፋ ልብ አለ።

ታዲያ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ይህን ልማድ ከየት አመጣችው? ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል የምንሠራበት የሃሪስና ቤኔዲክት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣ ሲሆን በአብዛኛው ውፍረት በሌላቸው ሰዎች ላይ የተገነባ ነው። ለከባድ ሰው ሲሠራበት ያጋንናል የሚል ስጋት ስለነበረ ክብደቱን በ0.25 ማረም ተለመደ፤ ሩቡ የተመረጠው ከትርፉ ውስጥ ሩብ ያህሉ ኃይል አቃጣይ ነው በሚል ግምት ነው። ግምቱ ከመማሪያ ወደ መማሪያ ተሻገረና ቀመሩ ሲቀየር ልማዱ ሳይቀየር ቀረ።

በኪሎ 25 ኪሎ ካሎሪ የሚለው ፈጣን መንገድ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ይህ መጠን የተለመደ ክብደት ላለው ሰው የወጣ ነው፤ ውፍረትን አላየም። በ118 ብናባዛው 2950 ይሆናል፤ ይህ ይበዛል። በ57 ብናባዛው 1425 ይሆናል፤ ይህ ከዕረፍት ፍጆታዋ እንኳ ያንሳል። በ81 ስናባዛው 2025 ይመጣል። ሚፍሊን በሚዛን ክብደቷ የሰጠንን 1815 ለአልጋ ቁራኛ ታካሚ በ1.2 ብናባዛው 2180 ገደማ ነው፤ ሁለቱ ተቀራርበዋል። እዚህ ቦታ ላይ የተስተካከለው ክብደት ሥራውን ሠርቷል። ስለዚህ ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ «የተስተካከለ ክብደት አትጠቀሚ» አይበሏት። «በኪሎ የተጻፈው ቁጥር ወይም ቀመሩ ሲወጣ የትኛው ክብደት ገብቶበት ነበር?» ብለው ይጠይቋት። መልሱ «የተለመደ ክብደት ያላቸው ሰዎች» ከሆነ ማረም ያስፈልጋል። መልሱ «የወፍራም ሰዎች የሚዛን ክብደት» ከሆነ ማረም ያበላሻል።

ታካሚዋ ተባብሶባት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብትገባ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን የምግብ መመሪያ፣ የሚተነፍሱትን አየር በመለካት ፍጆታን ማወቅ ካልተቻለ፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው፣ ማለትም ቢኤምአያቸው፣ ከ30 እስከ 50 ለሆነ ታካሚዎች በሚዛን ክብደት በኪሎ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ካሎሪ ይላል። የእሷ ቢኤምአይ 43 ስለሆነ ከ1300 እስከ 1650 ይደርሳታል። 11 እና 14 ዝቅ ያሉት ሆን ተብሎ ነው፤ ማረሚያው ቁጥሩ ውስጥ ተቀብሯል። አንድ ሰው በጥንቃቄ ስሜት 81ን አምጥቶ ቢያባዛ ከ890 እስከ 1130 ይወርዳል፤ ይህ ረሃብ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ፕሮቲኑ ግን በተስማሚ ክብደት ይሰላል፤ ለእሷ ቢኤምአይ በኪሎ እስከ 2.5 ግራም፣ ማለትም እስከ 142 ግራም። አንድ መመሪያ በአንድ ገጽ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ክብደቶችን ያዝዛል። መመሪያው አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ቁጥሮች የወጡት በሁለት የተለያዩ ክብደቶች ስለሆነ ነው።

በመድኃኒትም በኩል ጎረቤቱን ያስተውሉ። ታካሚዋ እግሯ ላይ የደም መርጋት ቢገኝባትና ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ቢታዘዝላት ስሌቱ በሚዛን ክብደት ነው፤ ወደ 120 ሚሊ ግራም። በ81 ኪሎ 80 ሚሊ ግራም ቢሰጣት ከሚያስፈልጋት ሲሦው ይጎድላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ቢሄድ ማንም ወደ ክብደት ስሌቱ ተመልሶ አያይም። ሳንባዋ በመሣሪያ ቢታገዝ ደግሞ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር የሚባለው የአየር መጠን ከቁመት በሚወጣ ክብደት ነው የሚሰላው፤ ሳንባ ሰው ሲወፍር አያድግምና።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን አንድ ጥፋት ልንገርዎት፤ ለእርስዎም እንዳይደርስ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የጄንታማይሲን ስሌት የሠራ ባልደረባችን በታካሚው ካርድ ላይ «ክብደት» በሚለው ቦታ የተስተካከለውን ቁጥር ጻፈ። በማግሥቱ ተረኛ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን የሚዛን ክብደት አድርጌ አነበብኩትና እንደገና አስተካከልኩት። በእርስዎ ታካሚ ላይ ቢሆን 81 ወደ 67፣ 400 ሚሊ ግራሙም ወደ 330 ይወርድ ነበር ማለት ነው። የታካሚው ትኩሳት ሳይበርድ ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ በድጋሚ ሲመዘን ነው የታወቀው። ከዚያን ቀን ወዲህ ካርድ ላይ የሚዛን ክብደትን ብቻ እጽፋለሁ፤ የተስተካከለውን ከመጠኑ ስሌት አጠገብ፣ የምን እንደሆነ ስም ሰጥቼ አሰፍረዋለሁ፦ «ለጄንታማይሲን፣ 81»።

ማረሚያው የማይደርስባቸው ሰዎችም አሉ። ሚዛኑ የሚያሳየው ትርፍ ስብ ሳይሆን እብጠት ወይም በሆድ የተጠራቀመ ውኃ ከሆነ 0.4 ትርጉሙን ያጣል፤ ጄንታማይሲን በዚያ ውኃ ውስጥ በሙሉ ስለሚሰራጭ። ቁመታቸው ከ152 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆኑ ሰዎች የዴቫይን ቀመር አልተሠራም። ጡንቻቸው የሳሳ ወፍራም አረጋውያን ላይ ክሪያቲኒኑ ዝቅ ብሎ ኩላሊቱን ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል። ትርፉ ከተስማሚው ክብደት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ማረም አያስፈልግም፤ የሚዛኑን ይውሰዱ። ከተስማሚው በታች የሚመዝን ሰውም ሁልጊዜ በሚዛኑ ክብደት ይሰላለታል።

ለዚች ታካሚ የማደርገውን ልንገርዎት። ክሪያቲኒኗ 0.9 አካባቢ ከሆነ የማጣሪያ አቅሟ በተስተካከለው ክብደት 99 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 400 ሚሊ ግራም በየ24 ሰዓቱ እሰጣለሁ። ከሁለተኛው መጠን በፊት ደም አስወስጄ የቀረውን እለካለሁ፤ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ 400ውን አልቀንስም፤ ጫፉን እፈልገዋለሁና የሰዓቱን ልዩነት አራዝማለሁ። ክሪያቲኒኑን ቢያንስ በየሁለት ቀኑ አያለሁ፤ ጆሮዋ ላይ ጩኸት ወይም ሚዛን ማጣት እንዳለ በየቀኑ እጠይቃታለሁ። ካሎሪዋን ከ118 ኪሎ በመነሣት ወደ 2100 አካባቢ እይዝና በትክክል የበላችውን አስመዘግባለሁ፤ ትኩሳት ያላት ሴት የታዘዘላትን ግማሽ ብቻ ስትበላ ከቀመሩ ስሕተት የበለጠ ጉድለት እዚያ ይገኛልና።